ቁጥሩ ያልገጠመ ሪፖርት፦ ለመስክ ባልደረባ የእርማት ኢሜይል አጻጻፍ

ዋናው ቢሮ ደሴ ሆኖ የመስክ ሠራተኛው ሐይቅ፣ ባቲ ወይም መካነ ሰላም ሲቀመጥ አብዛኛው እርማት የሚሄደው በኢሜይል ነው። ፊት ለፊት ቢሆን በድምፅና በፈገግታ የሚለዝበው ቃል ስልክ ስክሪን ላይ ሲነበብ ደረቅ ይሆናል። ይህ መመሪያ የሚያወራው ስለ አንድ ዓይነት ኢሜይል ብቻ ነው፤ ቁጥሩ እርስ በርሱ ያልገጠመ ሪፖርት ለላከ ባልደረባ ስለሚጻፈው።

ምሳሌ እንያዝ። በተሁለደሬ ወረዳ አራት ቀበሌዎች ለእማወራዎች ቄብ የሚያከፋፍል ፕሮጀክት አለ እንበል። ለእያንዳንዷ እማወራ 5 ቄብ ይሰጣል። የመስክ ባለሙያዋ ሐይቅ ናት፤ አስተባባሪው ደሴ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርቷ ደርሷል፤ ጥቅምት 15 ለለጋሹ መግባት አለበት። ገጽ 4 ላይ ያለው ሠንጠረዥ በአራቱ ቀበሌዎች 62፣ 71፣ 48 እና 59 እማወራዎች ብሎ ይዘረዝራል፤ ሲደመር 240 ነው። ገጽ 6 ላይ ግን «ለ265 እማወራዎች ተሰራጭቷል» ይላል። ገጽ 7 ላይ ደግሞ «1,190 ተጠቃሚዎች» የሚል ቁጥር ብቅ ይላል፤ ማን ማን እንደተቆጠረ አልተገለጸም።

1. መጀመሪያ ኢሜይል የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆኑን ለዩ

የቁጥር፣ የአጻጻፍ፣ የቀረ ሰነድ ጉዳይ በኢሜይል ይሻላል፤ ተቀባዩ ሰነዱን ከፍቶ፣ ጎን ለጎን አድርጎ፣ በራሱ ጊዜ ያየዋል። ገንዘብ ጎድሏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ወይም ጉዳዩ የባልደረባዋ ጠባይ፣ ከቀበሌ አመራር ጋር መጣላቷ ወይም ከሥራ መጥፋቷ ከሆነ ግን ኢሜይሉን ተዉት። ደውሉ፤ ከተቻለም ሂዱ። ከደሴ ሐይቅ እኮ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል።

2. ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ

የገጽ 4 እና የገጽ 6 ቁጥሮች አለመግጠማቸውን ያየ አስተባባሪ ብዙ ጊዜ እዚያው ተናዶ መጻፍ ይጀምራል። ገጽ 7ን ሳያይ ሌላ የሚጣራ ቁጥር እንዳለ አያውቅም፤ ገጽ 5ን ሳያነብ ደግሞ ባለሙያዋ በጥንቃቄ የሠራችውን አያይም።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ። በአንዱ ሰነዱ ላይ ጣት ሊቀሰርበት የሚችለውን ብቻ ጻፉ፦ «የገጽ 4 ድምር 240፤ ገጽ 6 ሁለተኛ አንቀጽ 265።» በሌላው የራሳችሁን ግምት፦ «ሳትደምር ልካዋለች»፣ «ካለፈው ሪፖርት ገልብጣ ነው»፣ «ግድ የላትም»። ወደ ኢሜይሉ የሚገባው የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ጥያቄ ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ ፍርድ ሆኖ ግን አይገባም። በምሳሌያችን መጨረሻ እንደምታዩት ከሦስቱ ግምቶች አንዱም ልክ አልነበረም።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ600 በላይ ንጽጽሮችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት አስተያየት የተሰጠው ሰው ሥራው ጭራሽ ወርዶ አግኝተውታል። ማብራሪያቸው፣ አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲወስደው ጥቅሙ ይቀንሳል የሚል ነው። «ገጽ 4 ላይ ያለው ድምር» ስትሉ ሐሳቧ ሠንጠረዡ ላይ ይቆያል። «ትኩረት የለሽም» ስትሉ ሠንጠረዡ ይረሳና ስለ ራሷ ክብር ማሰብ ትጀምራለች፤ ቀጥሎም መከላከያ ትጽፍላችኋለች እንጂ ቁጥር አታጣራም።

3. የእናንተ እጅ እንዳለበት ፈትሹ

ለዚህ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። የላካችሁላትን ቅጽ ክፈቱ። «ተጠቃሚ» የሚለው ሳጥን እማወራዋን ብቻ ነው ወይስ ቤተሰቡን በሙሉ? ቅጹ ካልተናገረ 1,190 የሚለው ቁጥር የእሷ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ጠያቂውም አላብራራም። መመሪያውን የላካችሁት መቼ ነበር? ሪፖርቱ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከነበረ፣ መቸኮሉ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ያገኛችሁትን በኢሜይሉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አታስረዝሙት። አለቃ ሦስት መስመር ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚስተካከለው ነገር ከሥሩ ይቀበራል።

4. የሚገባውንና የሚቀረውን ምረጡ

በዚያ ሪፖርት ላይ የፊደል ግድፈትም፣ የፎቶ ጥራትም፣ ረዘም ያለ መግቢያም ታገኙ ይሆናል። ሁሉንም ከዘረዘራችሁት 25 እማወራዎች የጠፉበት ጉዳይና «ሐ» እና «ሀ» የተቀያየሩበት ጉዳይ እኩል ሆነው ይታያሉ። መመዘኛዬ አንድ ነው፤ ሳይስተካከል ቢያልፍ ሥራው ላይ ምን ይበላሻል? ቁጥሩ ካልተስተካከለ ለቄቦቹ የሚታዘዘው የክትባት መጠን ይሳሳታል። ፊደሉን እናንተው አርሙት፤ እሱን ኢሜይል ላይ አታንሡት።

5. ጻፉ

በየቢሮው ሲላክ የሚታየው ዓይነት ኢሜይል ይህን ይመስላል፦

> ርዕስ፦ ስህተት የበዛበት ሪፖርት
>
> እንደምን አሉ። የላኩት ሪፖርት ጥራት የለውም። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው አይገናኙም። ሁልጊዜ ይኸው ነው። ለሥራው ትኩረት ቢሰጡት ጥሩ ነው። በአስቸኳይ ተስተካክሎ ይላክ።
>
> ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ፤ ለሰው ሀብት

ይህን የተቀበለች ሰው የትኛውን ቁጥር እንደምታይ አታውቅም። «በአስቸኳይ» ዛሬ ይሁን ሰኞ አልተነገራትም። በግልጽ የገባት አንድ ነገር ቢኖር አስተባባሪው መቆጣቱ ነው። አሁን ያንኑ ጉዳይ እንዲህ እንጻፈው፦

> ርዕስ፦ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት፦ ገጽ 4 እና 6 ላይ የሚጣራ ቁጥር (እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት)
>
> ሰላም እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሪፖርቱን ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ለለጋሹ ከመግባቱ በፊት ሁለት ቁጥሮች መስተካከል አለባቸው።
>
> የመጀመሪያው የእማወራዎች ቁጥር ነው። የገጽ 4 ሠንጠረዥ ሲደመር 240 ይሆናል፤ ገጽ 6 ሁለተኛው አንቀጽ 265 ይላል። የርክክብ ቅጾቹ አንቺ ጋ ስለሆኑ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። የፈንግል ክትባት የምናዘው በዚህ ቁጥር ነው፤ በ240 ከሆነ ለ1,200 ቄብ፣ በ265 ከሆነ ለ1,325። በትንሹ አዘን ትክክሉ ትልቁ ሆኖ ቢገኝ 125 ቄብ ሳይከተብ ይቀራል። ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ታውቂዋለሽ?
>
> ሁለተኛው ገጽ 7 ላይ ያለው «1,190 ተጠቃሚዎች» ነው። የቤተሰቡ አባላት በሙሉ የተቆጠሩ መሰለኝ። ቅጹ ላይ ተጠቃሚ የምንለው ማንን እንደሆነ እኛም አልጻፍንም። ለዚህ ሪፖርት እማወራዋን ብቻ ቁጠሪ፤ ቅጹን ለሚቀጥለው እኔ አስተካክለዋለሁ።
>
> እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት ከርክክብ ቅጾቹ ጋር አመሳክረሽ የታረመውን ሪፖርት ላኪልኝ። ጊዜው የሚያጥርሽ ከሆነ እስከ ነገ ማታ ንገሪኝና የምናደርገውን አብረን እናያለን።
>
> ገጽ 5 ላይ የምርጫው ቅሬታ በቀበሌው ስብሰባ እንዴት እንደተፈታ፣ ማን ምን ብሎ እንደተስማማ ጭምር ጽፈሻል። ለጋሹ ስለ አመራረጡ ለሚያነሣው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው፤ ሳይነካ እንዳለ ይገባል።

ርዝመቱ ጨምሯል፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ሥራ አለው። ርዕሱ የስልኳ ስክሪን ላይ ቀድሞ የሚታየው ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሰውም ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ርዕስ ላይ ፍርድ አይጻፍም፤ ቦታና ቀነ ገደብ ይጻፋል። ሰላምታው አንድ መስመር ነው፤ የወሎ ሰው ሰላምታ ቶሎ እንደማያልቅ አውቃለሁ፣ ኢሜይሉ ላይ ግን የቤተሰብን ደህንነት በሙሉ ጠይቆ ወደ ስህተት መሻገር ተቀባይን «ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው?» እያሰኘ ያስጨንቃል።

የክትባቱ ስሌት ለምን እንደገባ አስተውሉ። «ቁጥር መገጣጠም አለበት» ቢባል የቢሮ ሥርዓት ብቻ ይመስላል። 125 ቄብ ሳይከተብ ፈንግል ቢገባ እያንዳንዷን ቤት እያወቀች የሰጠችው እሷ ናት፤ ጉዳዩ ወዲያው ይገባታል። የስህተትን ውጤት ስትጽፉ አለቃ ይቆጣል ከሚለው ይልቅ መስክ ላይ የሚደርሰውን ጻፉ።

ምስጋናው መጨረሻ ላይ የመጣውም ታስቦበት ነው። አመስግኖ፣ ነቅፎ፣ መልሶ ማመስገን የሚባለውን አካሄድ እኔ አልወደውም። ሁለተኛ ጊዜ ሲደረግ ሰው ይነቃበታል፤ ከዚያ በኋላ ምስጋና በሰማ ቁጥር ተከትሎ የሚመጣውን ነቀፋ ይጠብቃል። ምስጋና የሚገባው እውነት ካለ ነው፤ ሲገባም እንደ ነቀፋው ገጽና አንቀጽ ይጠቀስለት። «በአጠቃላይ ጥሩ ሥራ ነው» ማለት ምንም አለማለት ነው። የሚመሰገን ነገር ካጣችሁ ዝለሉት።

6. ሦስት የቋንቋ ወጥመዶች

አንደኛው «እርስዎ» ነው። ስትገናኙ «አንቺ» የምትሏትን ሰው ስህተት ባገኛችሁ ቀን «እርስዎ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አክብሮት አይሆንም፤ ፊት ማዞር ነው። በዘወትር አጠራራችሁ ጻፉ። በዕድሜ የሚበልጧችሁን ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ «እርስዎ» ትሉ ከነበረ ስህተት ስላገኛችሁ «አንተ» እንዳትሏቸው፤ «ጋሼ» የምትሉም ከሆነ «ጋሼ» ብላችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛው «ቢስተካከል ጥሩ ነው» የሚለው ነው። ጻፊው ትእዛዝ ያስተላለፈ ይመስለዋል፤ አንባቢዋ ምክር ብላ ታልፈዋለች። ሐሙስ ሲመጣ ሁለቱም ተቀያይመው ይገናኛሉ። ግዴታ የሆነውን «መስተካከል አለበት» በሉ፤ ለእሷ ምርጫ የተተወውን «ከፈለግሽ» በሉ። ቅኔ ለኢሜይል አይሆንም።

ሦስተኛው «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» ናቸው። አንድ በትክክል የተደመረ ሪፖርት ፈልጋ ካገኘች ክርክሩን አሸነፈች፤ የዛሬው 240 እና 265 ግን እንዳሉ ቀሩ። በእርግጥ የተደጋገመ ነገር ካለ የትኛው ወር፣ የትኛው ገጽ እንደሆነ ጥቀሱ።

7. ግልባጭ ለማንም አትላኩ

እኛ አገር ቢሮ ውስጥ ግልባጭ ዝም ብሎ መረጃ ማጋራት አይደለም። ለሥራ አስኪያጅና ለሰው ሀብት የተገለበጠ ደብዳቤ ወደ ግል ማህደር የሚገባ ነገር ነው፤ ተቀባዩም የሚያነበው እንደዚያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በሥራ ውል መቋረጥ ላይ የሚቆጠርበት ሁኔታ አለ፤ በተደጋጋሚ ማርፈድ አንዱ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ግልባጭ ያለው ነቀፋ ሲደርሰው ቢደነግጥ ሞኝነት አይደለም። የሥራ እርማትና የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ በአንድ ኢሜይል አይቀላቀሉም። ማስጠንቀቂያ መስጠት ካለባችሁ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት ለብቻው ስጡ።

የቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕም ያው ነው። «ሪፖርቶች ላይ ድምር እናረጋግጥ» ብሎ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ስም ባይጠራም ሁሉም ማን እንደሆነች ያውቃል።

8. ከመላካችሁ በፊት

ኢሜይሉን ወደ ራሳችሁ ላኩትና በስልካችሁ ክፈቱት። ተቀባይዋም የምታነበው በስልክ ነው፤ አንድ አንቀጽ ስክሪኑን ሞልቶ ካለፈ ቁረጡት። የሚታረሙት ቦታዎች ኢሜይሉ ላይ በገጽ ቁጥር ይኑሩ፤ የተያያዘውን ፋይል ሳትከፍትም ጉዳዩ ምን እንደሆነ ትወቅ።

ከዚያ እንደማይወዳችሁ ሰው ሆናችሁ አንብቡት። ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች ቀልድና ምፀት በኢሜይል ጽፈው አንባቢው ከአምስት አራት ጊዜ ያህል ይለየዋል ብለው ገምተው ነበር፤ አንባቢዎቹ የለዩት ግን ከግማሽ እምብዛም ባልበለጠው ነው። ጻፊው በልቡ የሚሰማውን ድምፅ አንባቢው አይሰማም። ስለዚህ ቀልድ ከሆነ አውጡት፤ «ምነው እህቴ፣ ሒሳብ ተረሳ እንዴ?» ስትገናኙ ያስቃል፣ ስክሪን ላይ ግን ስድብ ነው።

የምትልኩበትንም ጊዜ አስቡ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ወይም በበዓል ዋዜማ የተላከ ነቀፋ ሰውየው ይዞት የሚያድረው እንጂ የሚያርመው አይሆንም። ባቲ ለሚሠራ ባልደረባ ሰኞ ገበያ ነው፤ ያን ቀን መስክ ላይ ሰው ሲያነጋግር ይውላል። ማክሰኞ ጠዋት ተልኮ ሐሙስ መልስ የሚጠበቅበት ኢሜይል ለመጠየቅም ለማረምም ጊዜ ይሰጣል።

9. መልሱ ሲመጣ (ወይም ሲዘገይ)

ማክሰኞ የላካችሁት ረቡዕ ማታ መልስ ባያገኝ አኩርፋለች አትበሉ። ኔትወርክ ወይም መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አጭር ጽሑፍ በስልክ ላኩ፦ «ኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ደርሶሻል?» ነቀፋውን እዚያ ላይ አትድገሙት።

በምሳሌያችን እንዲህ ብላ መለሰች እንበል፦ «ትክክሉ 265 ነው። 25ቱ እማወራዎች ቅሬታው ከተፈታ በኋላ በመጨረሻው ሳምንት የተጨመሩ ናቸው። ሠንጠረዡ ላይ ለተጨማሪ ዙር ዓምድ ስለሌለ አላስገባኋቸውም። የርክክብ ቅጾቻቸውን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ደምራ ነበር፤ አልገለበጠችም፤ ግዴለሽም አልነበረችም። ስህተቷ 25ቱ ከየት እንደመጡ በአንድ መስመር አለመግለጿ ነው፤ የቀረው የቅጹ ጉድለት ነው። በመጀመሪያው ኢሜይል «ጥራት የለውም» ተብላ ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ ላታገኙት ትችሉ ነበር፤ 265ን አጥፍታ 240 ጽፋ ዝም ልትል ትችል ነበር፤ ቁጥሩ ይገጥማል፣ 125 ቄብ ግን ሳይከተብ ይቀራል።

ለመልሱ መልስ ስጡ፤ ብዙ አስተባባሪ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «አብሽሪ፣ ገብቶኛል። ክትባቱን ለ1,325 አዝዣለሁ። ከሠንጠረዡ ሥር ‹25ቱ በተጨማሪ ዙር› የሚል ማስታወሻ ጨምሪበትና ላኪው፤ ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ቅጹ ላይ ‹ተጨማሪ ዙር› የሚል ዓምድ ይኖራል።»

ዓምዱን በዚያው ቀን ጨምሩና አዲሱን ቅጽ ለአራቱም ቀበሌ ሠራተኞች ላኩ፤ «ተጠቃሚ» ማለትም እማወራዋ መሆኗን ከሳጥኑ ሥር ጻፉ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቅጹ ተስተካክሎ ሳለ ድምሩ እንደገና ካልገጠመ የመጀመሪያውን ኢሜይል ቀን ጠቅሳችሁ ደውሉላት፤ ምን እንደሚያስቸግራት ጠይቁና የተስማማችሁበትን በአጭሩ ጽፋችሁ ላኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ከሰው ሀብት ክፍል ጋር የምትነጋገሩበት ጉዳይ ሆኗል፤ ያኔ እነዚህ ሁለት ኢሜይሎች ምን እንደተጠየቀችና መቼ እንደተነገራት በእጃችሁ ያሳያሉ።